ፍርሃትን በቀጠሮ ያስተናገዱት ሲስተር ብዙነሽ

ሲስተር ብዙነሽ ያረፉ ሰሞን ለቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ ድንኳኑን የሰርግ መስሎት ሊመለስ ይችል ነበር። ሴቱ ሁሉ ይስቃል። አንዷ «ምጥ ይዞኝ ሞትኩ፣ ሞትኩ ስል ‹ቆይ፣ ተራሽን ጠብቂ፤ ካንቺ በፊት የሞተች አለች፤ አሁን ሻይ እየጠጣች ነው› አሉኝ» ትላለች። ሌላዋ ትቀበላታለች። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «እናንተ ሰዎች፣ ለቅሶው እዚህ ቤት ነው ወይስ ጎረቤት?» ቢሉ ሳቁ ጭራሽ ባሰ።

እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። «አንቺስ የሺ፣ አሥራ አራት ዓመት አብረሽ ሠርተሽ የምትነግሪን የለሽም?» አሉኝ። የለኝም አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ መናገር አይሆንልኝም። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ሲስተር ብዙነሽ የመርጡለ ማርያም ሰው ናቸው፤ የቄስ ልጅ። በእኛ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። አጭር፣ ወፍራም፣ ፈጣን። ሲሄዱ ነጭ ካፖርታቸው ከኋላቸው ይከተላቸዋል እንጂ አብሯቸው አይሄድም። እስክሪብቷቸውን ጸጉራቸው ውስጥ ይሰኩና ቀኑን ሙሉ «እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው?» ሲሉ ይውላሉ። ሲስቁ ጭናቸውን በመዳፋቸው ይመታሉ፤ ያ ድምፅ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል። እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። ሕመምተኛ ሲመጣ ስሙን መዝግቤ፣ ካርድ አውጥቼ፣ ሲጨርስ መልሼ መደርደር ነው ሥራዬ።

ስለ ራሴ የምለው ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነበር። ባለቤቴ አስማማው የሂሳብ መምህር ነው። ሁለት ጊዜ ፀንሼ ሁለቱም ሦስተኛው ወር ላይ ወርደውብኛል። ሁለተኛው እሑድ ቀን ነበር፤ ሰኞ ሥራ ገባሁ። ከአስማማው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ አገር እርግዝና ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ አይወራም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። እኔ ደግሞ ልማዱ ባይኖርም የምናገር ሰው አይደለሁም።

ሦስተኛውን ስፀንስም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገር ግን አካሄዴ ተለወጠ። እንቁላል በጉያዬ የያዝኩ ይመስል እየተንሸራተትኩ እሄዳለሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ካርድ ለማውጣት መሰላል መውጣት ተውኩና አብራኝ የምትሠራውን ባንቺአምላክን እለምናለሁ። ሽንት ቤት በቀን አሥራ አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ። በጊዜው ሽንት መብዛቱ ያለ ነው፤ ግማሹን ግን የምሄደው ደም አየሁ አላየሁ ለማለት ነበር።

አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስመለስ ሲስተር ብዙነሽ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ስንት ሆነሽ?» አሉኝ።

«ምኑ፣ ሲስተር?»

«ሳምንቱ ነዋ! አንቺ ሴትዮ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንት ቤቱን ለብቻሽ ይዘሽዋል። እኔም ሽንት አለኝኮ!»

ስድስት አልኳቸው። ክፍላቸው አስገብተው በር ዘጉ። ያለፉትን ሁለቱን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ስናገር ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ሲስተር ግን ጭናቸውን አልመቱም።

«በይ ስሚ» አሉ። «ከአሥር እርጉዝ አንዷ ወይ ሁለቷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጋጥማታል። ሰው ስለማያወራው ብርቅ ይመስላል እንጂ ይህ ግቢ ውስጥ ካሉት እናቶች ስንቱን ልጥራልሽ? አልጠራልሽም፣ የሙያዬ ምስጢር ነው። ዕድሜሽ ትንሽ ይጨምርበታል፣ አልዋሽሽም። ግን ሁለት ጊዜ ያጡ ሴቶች አብዛኞቹ ሦስተኛውን ወልደው ያቅፋሉ። ይህንንም አልዋሽሽም።»

«ባለፈው እንስራ አንስቼ ነበር» አልኩ።

«ተወው እንስራውን! አብዛኛው የሚወርደው ገና ከጅምሩ ዘሩ ሲገናኝ የክሮሞዞም ቆጠራው ስለተሳሳተ ነው። አንቺ እዚህ ስንት ዓመት ሠራሽ? የተሳሳተ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው ምን ብትንከባከቢው ሐኪም ዘንድ ይደርሳል? አይደርስም። ጥፋቱ የካርድ ክፍል ነው?»

«አይደለም።»

«ጎሽ። ያንቺም አይደለም።»

ከዚያ የፎሊክ አሲድ ኪኒን ጻፉልኝ። በራሴ መድኃኒት ገዝቼ እንዳልውጥ፣ የሐበሻ መድኃኒት እንዳልቀምስ፣ ቡና በቀን ከአንድ ከሁለት ስኒ እንዳላሳልፍ ነገሩኝ። ጾም ነበርና ከንስሐ አባቴ ፈቃድ እንድጠይቅም አዘዙ። «እሳቸው ዝም ማለት ይችላሉ፤ የሚከፈሉት ለሱ ነው» አሉና የራሳቸው አባት ቄስ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አማተቡ።

ልወጣ ስነሳ «ፍርሃቱስ?» አሉኝ።

«ምን ይደረጋል።»

«እንዴት ምን ይደረጋል! ካርድ ይወጣለታል እንጂ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ባዶ ካርድ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ስም፦ ፍርሃት። የአባት ስም፦ ስጋት። ዕድሜ ላይ ስደርስ «ካንቺ ትበልጣለች፣ ዝለይው» አሉ። አድራሻ የሚለው ላይ «ሆድ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዙ። «ሆድ አይደለም፣ ጭንቅላት በይ። ሆድሽ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ነው።»

ደንቡ እንዲህ ነበር። ፍርሃት የምትስተናገደው በየቀኑ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከዚያ ውጭ ከመጣች «ቀጠሮሽ አሥር ሰዓት ነው» ተብላ ትመለሳለች። ሕመምተኛን መመለስ ደግሞ የካርድ ክፍል ሰው ያውቅበታል። ሌላው ደንብ ሽንት ቤት ለሽንት ብቻ የሚል ነበር። «ብታይም ባታይም የሚመጣው ይመጣል። ደም ከሆነ ሳትፈልጊው ይነግርሻል።»

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር አጠገቤ ይቀመጡና «ዛሬ ፍርሃት ምን ብላ መጣች?» ይላሉ። እኔ ከካርዱ ላይ አነብባለሁ። «ጡቴ ትናንት ያመኝ ነበር፣ ዛሬ አላመመኝም።» «ውጤት?» እላቸዋለሁ። «ከቀን ቀን ይለያያል፣ ምልክት አይደለም። ጻፊ» ይላሉ። «ከሆዴ በታች እንደ ወር አበባ ቀለል ያለ ቁርጠት።» «ማህፀን ሲለጠጥ ያለ ነው፤ ከበረታና አልተው ካለ ግን አሥር ሰዓት አትጠብቂ። ጻፊ።» «መሰላል አንድ ደረጃ ወጣሁ።» «ሌላውስ ደረጃ ምን አጠፋ? ጻፊ!» ከዚያ ጭናቸውን ይመታሉ። እኔም እስቃለሁ። ሠላሳ ደቂቃው አንዳንድ ቀን በአሥራ አምስት ያልቅብን ነበር፤ ፍርሃት የምታቀርበው ሲያጥራት ሲስተር «እስቲ አስቢ፣ ሌላ የለም? የሠላሳ ደቂቃ ተከፍሎላታል» ይላሉ።

አንድ ቀን ደግሞ የቤቱን ነገር ጠየቁኝ። አስማማው ከፀነስኩ ጀምሮ ወለል ላይ ነበር የሚተኛው። «ደም ከሌለሽ ባል አልጋ ላይ መተኛቱ ፅንስ አይጎዳም። መምህሩን ወገቡን ሊይዘው ነው» አሉ። የቀረውን እዚህ አልጽፈውም።

ሰባት ሳምንት እንደሞላኝ ቅዳሜ ጠዋት ደም አየሁ። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቆይቶ ፈዛዛ ቀይ። አስማማው የሂሳብ ሰው ነውና መፍትሔውን በስሌት አገኘው። ከአልጋው ግርጌ ሁለት ሁለት ብሎኬት አስገብቶ እግሬን ወደ ላይ፣ ራሴን ወደ ታች አደረገና ሲስተርን ሊጠራ ሮጠ። አልጋው ላይ ቀስ በቀስ ወደ ታች ተንሸራትቼ ሲስተር ሲገቡ ራሴ በራስጌው ብረት መሃል አልፎ ነበር።

ሲስተር በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። አስማማውን አዩት። «መምህር፣ ልጁን ወደ ሳንባዋ ልትመልሰው ነው?» አሉት።

ብሎኬቱ ወጣ። ቁጭ አደረጉኝና ይጠይቁኝ ጀመር። ሞዴስ ስንት ቀየርሽ? አንድም አልሞላም። የደም ጓል አለው? የለውም። ሆድሽን በአንድ ጎን ብቻ ይወጋሻል? አይወጋኝም። ትከሻሽ ጫፍ ላይ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስ መሳት? የለም። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ? የለም። የደም ግፊቴን ለኩ። ይዘውት በመጡት ካርዴ ላይ የደም ዓይነቴን አዩ።

«ከነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ ስቀልድ አታገኙኝም ነበር፤ ይሄኔ ሆስፒታል በር ላይ ነን» አሉ። «በሰዓት አንድ ሞዴስ ከሞላ ወይም ሆዷን ጠንክሮ ከቆረጣት፣ መምህር፣ እኔንም አትጥራኝ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። እንዲህ ትንሽ ትንሽ ግን ከአራት እርጉዝ አንዷ ታያለች፤ ከነሱም የሚበዙት ይወልዳሉ።»

«ልተኛ?» አልኩ።

«ደክሞሽ ከሆነ ተኚ። መተኛት ግን የሚወርደውን አያስቀርም፤ መሄድም የሚቆየውን አያወርድም። ሰኞ በአልትራሳውንድ እናየዋለን፤ እስከዚያ ማወቅ አይቻልም። አለማወቅ ደግሞ በሽታ አይደለም፣ መጠበቅ ነው።»

ሰኞ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ሽንት ካልሞላ በሆድ በኩል በደንብ አይታይም ብለው አንድ ሊትር ውሃ አጠጡኝ፤ ሽንት መሄድ ክልክል። ተራው ደግሞ ረጅም ነው። እግሬን አጣምሬ ስቀመጥ ሲስተር አጠገቤ ሆነው ስለ አንድ የመነኩሴ ፍየል ቀልድ ያወሩልኝ ጀመር።

«ሲስተር፣ በእግዚአብሔር፣ አያስቁኝ።»

«ገና መግቢያው ነው!»

«ሲስተር!»

ወረፋው ላይ የነበሩ ሴቶች በሙሉ ውሃ ጠጥተዋል። ቀልዱ ጆሯቸው ገባ። አንዷ ተነስታ እየዘለለች ዞረች፤ ሌላዋ ግድግዳ ይዛ «ያስወጡልን እኚህን ሴትዮ!» አለች። የክሊኒኩ ሰው ሲስተርን ውጭ አስቀመጣቸው። በመስኮት ሆነው ጨረሱልን።

ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ አየ። ትንሽ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ባቄላ የምታህል ነገር፣ መሃሏ ላይ ደግሞ እየጠቀሰ የሚጠፋ ብርሃን። «ልቡ ነው። ሰባት ሳምንት ተኩል፣ ልክ ነው» አለ። ልብ ከታየ በኋላ የመውረድ ነገር በጣም እንደሚቀንስ፣ ሆኖም ጨርሶ እንደማይጠፋ ነገረኝ። ደሙ በሦስተኛው ቀን ቆመ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስህተት የሠራነው እኔና አስማማው ነን። አሥረኛው ሳምንት ላይ ነበርኩ፤ ሁለቱም የወረዱበት ጊዜ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኝ የነበረው በአንድ ቀን ቀጥ አለ። ጥርሴን ስቦርሽ ምንም የለም። ሽሮ ሸተተኝ፤ ምንም የለም። ያን ቀን ሲስተር የሉም፤ ለክትባት ሮብ ገበያ ወደሚባለው ቀበሌ ወርደዋል። አሥር ሰዓት ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ፍርሃትም በሰዓቷ መጣች፤ መልስ የሚሰጣት ግን የለም። ከሲስተር ጠረጴዛ ላይ የፅንስ ልብ የሚደመጥበትን የእንጨት ጥሩምባ አንስቼ በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩ።

አስማማው ሰፊውን ጫፍ ሆዴ ላይ አድርጎ፣ ጠባቡን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ትንፋሹን ይዟል።

«ምን ይሰማሃል?»

«ዝም በይ... ወራጅ ውሃ።»

«ልቡስ?»

«ቆይ... አሁን ደግሞ በር ተከፈተ።»

እንዲህ እያለ ከሆዴ ወደ ጎኔ፣ ከጎኔ ወደ ጎድኔ ተዘዋወረ። አንድ ቦታ ላይ «አገኘሁት!» ብሎ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ፤ ሰባ ሁለት። የራሱ የጆሮው ደም ሥር ነበር። በመጨረሻ ጥሩምባውን አስቀምጦ ወጣ። እንደ ባለፈው ሁለት ጊዜ ተለያይተን ዝም አልን።

በማግስቱ ጥሩምባውን ልመልስ ስገባ ሲስተር ደርሰዋል። ነጠላዬን አዩ፤ ውስጡን አዩ፤ ፊቴን አዩ። ነገርኳቸው።

«አሥር ሳምንት ላይ በዚህ?» ጭናቸውን መቱ። «ይህ እንጨት ከአራት ወር ተኩል፣ ከአምስት ወር በፊት አይሰማም! መምህር የሰማው የምሳ ሽሮሽን ነው!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ሲያዩኝ ተቀመጡ።

«ማቅለሽለሹስ?» አልኩ።

«ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ላይ ብዙዎቹን ይለቃቸዋል። መጥፋቱ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም። ግን የሺ፣ ሆድሽ ውስጥ ዓይን የለኝም። ደህና ነው ብዬ ብምል ውሸቴን ነው። ነገ ጠዋት እናስየዋለን።» ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለፈው ሁለቱ ጊዜ ማን አስተዛዘነሽ?» አሉኝ።

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«ዓይን እንዳይበላው ብለሽ ሸሸግሽ፤ ሐዘኑንም አብረሽ ሸሸግሽው። ሦስት ወር እስኪሞላ አትናገሪ የሚሉሽ፣ ቢወርድ ማንም እንዳያውቅ ነው። እስቲ አስቢው፤ ቢወርድ ነው ወይ ሰው የማያስፈልግሽ? ለከተማው በሙሉ አዋጅ ንገሪ አላልኩም። ቢወርድ አብሬያት ላልቅስ ለምትያት ለአንዲት ሰው ዛሬ ንገሪ።»

ካርድ ክፍል ተመለስኩ። ባንቺአምላክ መሰላሉ ላይ ሆና «የማን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። «የማንም። አርግዣለሁ። አሥር ሳምንት ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ወርዶብኛል። ነገ ልታይ ነው፤ ፈርቻለሁ» አልኩ።

በሕይወቴ ባንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ባንቺአምላክ ከመሰላሉ ስትወርድ አንድ መደርደሪያ ካርድ ይዛ ወረደች። ከሀ እስከ መ ያለው በሙሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሳቀች፤ ቀጥሎ «የኔም አንዱ ወርዶ ነበር፣ ከመጀመሪያዋ ልጄ በፊት» አለችኝ። ሰባት ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስንቀመጥ አላውቅም ነበር። የጽዳቷ ሴትዮ እትዬ ስመኝ ጫጫታ ሰምታ ገባች፤ ተነገራት፤ የሷም ሁለት ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ሦስታችን መሬት ላይ ተቀምጠን ካርድ ስናስተካክል ዋልን። እኔ ከወለሉ እንዳልነሳ ተከለከልኩ። ሕመምተኛ በመስኮት ሲጣራ እትዬ ስመኝ «ተዘግቷል፣ ወሊድ ላይ ነን!» ትላለች። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ግን ሦስት ቦታ ተካፈልነው።

በማግስቱ ሁለቱም ክሊኒኩ ድረስ መጡ፤ ሲስተርና አስማማው ደግሞ ፊት ፊት። ክሊኒኩ የቻለው ሲስተርንና አስማማውን ማስገባት ብቻ ነበር። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አየ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር። አስማማው ድንገት «ይህ ምንድን ነው የሚያደርገው?» አለ።

ዞር ስል ባቄላዋ ሰው ሆናለች። ራስ አላት፤ እጅ አላት። ከከረጢቷ ግድግዳ ላይ በእግሯ ትገፋና ትዘላለች፤ ትወርድና እንደገና ትዘላለች።

«ይህ ልጅ ጤነኛ ነው፤ ትንሽ ባለጌ ነው እንጂ» አለ ሐኪሙ። የልቧን ምት በማሽኑ አሰማን፤ የፈረስ ግልቢያ ይመስል ነበር። አስማማው ሰዓቱን አውጥቶ ይቆጥር ጀመረና ከሃምሳ በኋላ ተምታታበት።

ሲስተር እስክሪብቷቸውን ከጸጉራቸው አውጥተው መልሰው ሰኩት።

ስንወጣ እነባንቺአምላክ በእልልታ መንገዱን ሞሉት። አስማማው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ እነሱ ወደ ሥራ ሮጡ። ሲስተርና እኔ ቀረን። ጋሪ መጣ። ከፀነስኩ ጀምሮ ጋሪ ያንገጫግጨኛል ብዬ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። ዘልዬ ወጣሁ። ሲስተር ግን መሬት ላይ ቆመው ቀሩ።

«በእግራችን ብንሄድ?» አሉ።

«ምን ሆነዋል ሲስተር? ጋሪ ፅንስ አያወርድም።»

እያማተቡ ወጡ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ባለጋሪውን «ወንድሜ፣ ትንሽ አፍጥነው» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ፈረሱ ሲጋልብ ሲስተር ብዙነሽ በሁለት እጃቸው ክንዴን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ማርቆስ አባቴ! ማርቆስ አባቴ! ቀስ በል አንተ ሰውዬ!» እያሉ ይጮሃሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጋሪ እንደሚፈሩ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኔ እስቃለሁ፤ እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ፤ ማቆም አቃተኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረዱ። ካፖርታቸውን አስተካክለው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ይህን ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ልጄ የተወለደችው ከዚያ ስድስት ወር ተኩል በኋላ በእሳቸው እጅ ነው። የጋሪውን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ጻፍኩት እንጂ።